ይህ ድንች ይበላል ወይስ ይጣላል? ከፎቶ ላይ አይቶ መፍረድ

«ይሄ ድንች ይበላል?» ከሚል ጥያቄ ጋር ፎቶ ሲላክላችሁ፣ አንዱን መልስ በልበ ሙሉነት መስጠት ትችላላችሁ። «ጣሉት» የሚለውን። «ብሉት» ለማለት ግን ፎቶው ብቻውን አይበቃም። ቢላ፣ ጣትና አፍንጫ ያስፈልጋሉ። እነሱ ደግሞ ያሉት ድንቹ አጠገብ ባለው ሰው ዘንድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ይሄዳል፦ ፎቶው የሚጣለውን እንዲለይልን፣ የቀረውን ደግሞ በጥያቄና በቢላ እንድንጨርስ።

መጀመሪያ የምንፈራው ነገር ምን እንደሆነ

የድንች ተክል ራሱን ከነፍሳትና ከፈንገስ የሚከላከልባቸው መራራ መርዞች አሉት። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሶላኒን እና ቻኮኒን። ጤናማ ድንች ውስጥም አሉ፤ ግን በጣም ትንሽ ናቸው፤ አብዛኛው ደግሞ ያለው ልጣጩና ከልጣጩ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ቡቃያውና ቡቃያው የወጣበት ዓይን ላይ ግን መጠኑ ከሥጋው ጋር አይወዳደርም፤ እጅግ ይበዛል።

አረንጓዴው ቀለም ራሱ መርዝ አይደለም። ማንኛውም ቅጠል ላይ ያለው ክሎሮፊል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ድንች ብርሃን ሲያገኝ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይጀምራል፤ ክሎሮፊል ይሠራል፣ መርዙንም ይጨምራል። አንዱን እናያለን፣ ሌላውን አናይም። ለዚህ ነው አረንጓዴ ስናይ የምንጠነቀቀው።

ሁለቱ ግን እኩል አይራመዱም። ይህን ልብ በሉት፤ ከፎቶ የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ የድንች ዓይነት በደንብ አረንጓዴ ሆኖ መርዙ መጠነኛ ሊሆን ይችላል። ሌላው ገረጣ ያለ አረንጓዴ ብቻ አሳይቶ ብዙ ሊይዝ ይችላል። የተመታ ወይም የተቆረጠ ድንች ደግሞ ምንም አረንጓዴ ሳይኖረው መርዙ ከፍ ሊል ይችላል። አረንጓዴ የሆነን ድንች ጨለማ ውስጥ መልሶ ማስቀመጥም አያድነውም፤ የተጠራቀመው መርዝ እዚያው ነው። ስለዚህ የአረንጓዴውን ድምቀት እያየን «ይሄን ያህል መርዝ አለው» ማለት አንችልም። ማለት የምንችለው «ይሄ ድንች ብርሃን ላይ ቆይቷል» ብቻ ነው።

መቀቀልም አያጠፋውም። ጥቂቱ ወደ ውሃው ይወጣል እንጂ በሚፈላ ውሃ ሙቀት አይፈርስም። ስለዚህ ድንች የተቀቀለበትን ውሃ ለሌላ ምግብ አትጠቀሙበት።

ደረጃ 1፦ ፎቶው በትክክል እንዲነሳ ማድረግ

የመጣው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ለፍርድ አይሆንም። በማታ፣ በቢጫ አምፖል ሥር፣ ድንቹ ከነአፈሩ ፌስታል ውስጥ እንዳለ የተነሳ ነው። ቢጫ መብራት ቀላ ያለ ቡናማ ያደርገዋል፤ አረንጓዴውን ይውጠዋል። አንዳንድ ነጭ መብራት ደግሞ በተቃራኒው ደህናውን ድንች አረንጓዴ ያስመስለዋል። የስልኩ ካሜራም በራሱ ቀለም ያስተካክላል። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣ አትፍረዱ፤ ሌላ ጠይቁ።

የምትጠይቁት እንዲህ ነው። ድንቹ ይታጠብና ይድረቅ፤ አፈርና እርጥበት ቀለም ይደብቃሉ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽና ያለ ፊልተር ይነሳ። ሥሩ ነጭ ወረቀት ይነጠፍ። ወረቀቱ ዋናው ዘዴ ነው፤ ፎቶው ላይ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ከታየ የድንቹ ቀለምም ይታመናል። ወረቀቱ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ቀለሙን ተዉት፤ ቅርጹን ብቻ አንብቡ። አጠገቡ የሻይ ማንኪያ ይቀመጥ፤ ቡቃያው ምን ያህል እንደሆነ በሱ ይለካል።

ከዚያ ድንቹ ይገልበጥና በሌላው ጎኑም ይነሳ። አረንጓዴ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ነው፤ ብርሃን ወደመጣበት በኩል። ሰው ደግሞ ፎቶ ሲያነሳ ሳያስበው የተሻለውን ጎን ወደ ላይ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ድንቹ ለሁለት ይቆረጥና የውስጡ ፎቶ ይጨመር። የውስጡ ፎቶ ከሌለ «ይበላል» የሚል መልስ አትስጡ።

ደረጃ 2፦ አረንጓዴውን ማንበብ

መጀመሪያ እውነት አረንጓዴ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ልጣጩ ቀይ ወይም ሐምራዊ የሆነ ድንች አረንጓዴውን ከላይ አያሳይም። ልጣጩ በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ ትንሽ ይፋቅና ሥሩ ይታይ። ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ከላይ ቀይ መምሰሉ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ቀጥሎ ስፋቱ ነው። በአንድ ጫፍ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ ያለበትና ሌላው አካሉ ንጹህ የሆነ ጠንካራ ድንች ሊተርፍ ይችላል። አረንጓዴው የድንቹን ሲሶ ያህል ከሸፈነ እኔ አልከራከርም፣ ይጣላል። ይህ በላቦራቶሪ የተለካ ድንበር አይደለም፤ የእኔ መስመር ነው። አንድ ድንች ለማትረፍ ብሎ ግማሹን ልጦ ግማሹን እየተጠራጠሩ መብላት አይጠቅምም።

ሦስተኛው ጥልቀቱ ነው፤ እሱን የሚያሳየው የተቆረጠው ፎቶ ብቻ ነው። አረንጓዴው ልጣጩ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከሥሩ እንደ ቀጭን መስመር ከታየ፣ ወፈር አድርጎ መላጥ ያወጣዋል። ከሚታየው አረንጓዴ ተሻግሮ ነጩን ሥጋ ትንሽ ጨምሮ መቁረጥ ነው፤ ቢያንስ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አታሳንሱ። አረንጓዴው ወደ ውስጥ ዘልቆ ሥጋው ላይ ከተሰራጨ ግን መላጥ አይበቃም።

ደረጃ 3፦ ቡቃያውን ማንበብ

ቡቃያ ብዙ ነገር ይናገራል። አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ቡቃያው ያደገው ብርሃን ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጭንና ነጭ ከሆነ ድንቹ ጨለማ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀምጧል። ነጩ የተሻለ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቡቃያ ምንም ቀለም ይኑረው አይበላም።

ዋናው ጥያቄ ግን ቡቃያው ምን ይመስላል የሚለው አይደለም። ድንቹ ምን ሆኗል የሚለው ነው። ቡቃያ የሚያድገው ድንቹ ውስጥ ያለውን ውሃና ምግብ እየመጠጠ ነው። ገና ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ጥቂት ቡቃያዎች ያሉት፣ ቆዳው የተወጠረና ሲጫኑት የማይሰጥ ድንች ገና ብዙ አልተጎዳም። ቡቃያው ከነዓይኑ በቢላ ጫፍ ተቦርቡሮ ይወጣል፤ በእጅ መቀንጠስ ብቻ አይበቃም፤ ሥሩ ይቀራልና። ከዚያ ወፈር ተደርጎ ይላጣል።

ቆዳው ከተጨማደደና ድንቹ ከለሰለሰ፣ ቡቃያው ጣት ካከለ፣ ወይም ከሁሉም ዓይን ከወጣ፣ ይጣላል። የጀርመን የፌዴራል የስጋት ግምገማ ተቋምም ምክሩ ይኸው ነው፤ ያረጀ፣ የደረቀ፣ አረንጓዴ የሆነ ወይም በጣም ያቆጠቆጠ ድንች አይበላም። መጨማደድ ፎቶ ላይ በደንብ ይታያል፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ደግሞ የበለጠ ይጎላል።

ደረጃ 4፦ የበለዘውን ከበሰበሰው መለየት

እዚህ ላይ ሰዎች ያለ ምክንያት ብዙ ድንች ይጥላሉ። ድንች ሲወድቅ ወይም ሲጋጭ ውስጡ ያሉ ሕዋሳት ይፈነዳሉ። አየር ያገኛቸውና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ግራጫ ወይም ጥቁር ይሆናሉ። የተቆረጠ ሙዝ የሚጠቁርበት ዓይነት ሂደት ነው። ጥቁረቱ ያስጠላል እንጂ ራሱ መርዝ አይደለም። ቆዳው ሳይሰነጠቅ ውስጡ ብቻ የጠቆረ ከሆነ ጥቁሩን ቆርጦ ማውጣትና ሌላውን መጠቀም ነው። ተልጦ የተቀመጠ ድንች ሮዝ ወይም ቡናማ ማለቱም እንደዚሁ ነው።

የበለዘው ደረቅ ነው። ጠርዙ በግልጽ ይለያል። ሲነኩት ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ግን እርጥብ ነው፤ ፎቶ ላይ ያብረቀርቃል። መሐሉ ሲጫኑት ይሰምጣል፣ አንዳንዴ ውሃ ያንጠባጥባል። ክሬም የመሰለ ለስላሳ ሥጋ በጥቁር ጠርዝ ተከብቦ ካያችሁ ባክቴሪያ ያበሰበሰው ነው፤ ሽታውም አይቻልም። ቆርጦ ማትረፍ የለም፤ ሙሉው ይጣላል፤ አጠገቡ የነበሩትም አንድ በአንድ ይታዩ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ቆዳው ክብ ክብ እየሠራ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሲቆረጥ ውስጡ ባዶ ዋሻ ሆኖ ነጭ ወይም ሮዝ ሻጋታ ይታያል። ይህ ደረቅ ብስባሴ ነው፤ ፈንገስ ያመጣው ነው። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ጠባሳ ስለሚመስል ፎቶ ላይ በቀላሉ ያልፋል። ይህም ይጣላል።

ከሻጋታ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር ልጨምር። እርጥብ ቦታ የቆየ ድንች ቆዳው ላይ በየቦታው ትናንሽ ነጭ ነጠብጣቦች ያወጣል። እነዚህ የድንቹ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ናቸው፤ በእርጥበት አብጠው ነው። ጉዳት የላቸውም። ሻጋታ ግን ጸጉር ጸጉር ይላል፤ የሚያርፈውም ቁስል ያለበት ቦታ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ ፎቶው የማይመልሰውን መጠየቅ

አራት ጥያቄ ይበቃል። በጣት ሲጫን ይሰጣል ወይስ ጠንካራ ነው? ሲቆረጥ ምን ይሸታል? የት ተቀምጦ ነበር? የመጨረሻውና ትልቁ ደግሞ፣ የሚበላው ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ለምን ትልቅ እንደሆነ በቁጥር እንየው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ ሕመም የታየበት ዝቅተኛው መጠን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 60 ሚሊ ግራም ማለት ነው። 14 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 14 ብቻ። አሁን አንድ አረንጓዴ ድንች በኪሎ 300 ሚሊ ግራም መርዝ አለው እንበል። ለአዋቂው 200 ግራም መብላት ያስፈልጋል፤ አንድ ትልቅ ድንች ነው። ለሕፃኑ ግን 50 ግራም አይሞላም፤ ጥቂት ጉርሻ ነው። አዋቂን ምንም ያላደረገ ድንች ሕፃንን ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ አረንጓዴ ወይም ቡቃያ ያለበት ድንች ለሕፃን ሲሆን «ቆርጠን እናተርፈው» የሚል ነገር የለም። ለነፍሰ ጡርም እኔ ተመሳሳይ መልስ ነው የምሰጠው።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ

እህቴ አንድ ማታ የአራት ድንች ፎቶ ላከችልኝ። «የቱን ልቀቅል? ለእኔና ለልጁ ነው» ትላለች። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው። ፎቶው በአምፖል ሥር ስለተነሳ አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ነበሩ፤ የአንዱ ብቻ ቡቃያው ይታይ ነበር። «ዛሬ ሌላ ነገር አብይ፤ ነገ ጠዋት መስኮቱ ጋ አድርገሽ ነጭ ወረቀት ላይ አንሺልኝ» አልኳት።

ጠዋት የመጣው ፎቶ ሌላ ነበር። አንደኛው ድንች ጫፉ ላይ አረንጓዴ አለው፤ ሁለት አጫጭር ቡቃያም ይታያል። ሁለተኛው ጎኑ ላይ ጠቆር ያለ ቦታ አለው። ማታ ቡቃያው ብቻ የታየው ሦስተኛው ድንች ግማሹ አረንጓዴ ነበር፤ ቆዳውም ተጨማዷል። አራተኛው ምንም አልነበረውም፤ እኔም በዓይኔ አልፌው ነበር።

ሦስተኛውን ያለ ምንም ጥያቄ «ጣይው» አልኳት። ለቀሩት «ተጫኛቸውና ቁረጫቸው» አልኩ። ሁለተኛው ጠንካራ ነው አለች፤ ሲቆረጥ ከቆዳው ሥር ደረቅ ግራጫ እድፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሽታ የለውም። መመታት ነው። እድፉ ወጥቶ ለሁለቱም ይሆናል። አንደኛው ሲቆረጥ አረንጓዴው ከልጣጩ ሥር ቀጭን መስመር ብቻ ነበር። ዓይኖቹ ተቦርቡረው፣ ጫፉ በደንብ ተቆርጦ፣ ወፈር ተደርጎ ተልጦ ለሷ ይሁን አልኩ፤ ለልጁ ግን አይሆንም።

ምንም የሌለው የመሰለኝ አራተኛው ወረቀቱን የነካው ጎኑ ሲገለበጥ እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ጣቷ ሰመጠ። መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ብጠይቅ ኖሮ ከፎቶው ይታይ ነበር። እሱም ተጣለ።

ከተበላ በኋላ

የበሰለ ድንች ከመረረ ወይም ጉሮሮን ካቃጠለ እዚያው መትፋት ነው፤ ጨው ወይም ቅመም መጨመር መርዙን አይቀንሰውም። አለመምረሩ ግን ለደህንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሕመሙ ወዲያው ላይጀምር ይችላል። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ራስ ምታት፣ አንዳንዴ ትኩሳት። ስለሚዘገይ ሰው ከድንቹ ጋር አያገናኘውም። በ1979 በታተመ የሕክምና ጽሑፍ፣ ለንደን ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት 78 ወንዶች ልጆች ምሳ ላይ ድንች በልተው እንደታመሙና 17ቱ ሆስፒታል እንደገቡ ተመዝግቧል። ድንቹ ከቀደመው የትምህርት ወቅት ተርፎ የቆየ ነበር። ሁሉም አገግመዋል።

ቀላል ከሆነ ፈሳሽ እየጠጡ ሲጠብቁ ያልፋል። ማስመለሱ ካልቆመ፣ የታመመው ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ከደነዘዘ፣ ከተምታታበት ወይም ትንፋሹ ከተለወጠ ግን ወደ ሕክምና መሄድ ነው። የቀረ ድንች ወይም ልጣጭ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶም ካላችሁ አሳዩ።